ሲፒኦ ተቀብሎ ዕቃ ከመልቀቅ በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከዓለም ባንክ እስከ ሰበታ፣ በለገጣፎም በኩል መጋዘን የከፈቱ ነጋዴዎች ትልልቅ ሽያጭ ሲመጣላቸው ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ሲፒኦ ነው። ገዢው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ ሲኖትራኩ በር ላይ ቆሟል፣ ደላላው ኮሚሽኑን እየጠበቀ ይቁነጠነጣል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በዚያ ሰዓት የሚነሱ ናቸው። ምሳሌዬ ፌሮ ነው። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ መኪና ወይም የደለበ በሬ ለሚሸጥም ነገሩ ያው ነው።

ሲፒኦ የሚከፍለው ባንኩ ራሱ አይደል? ታዲያ ምን ያሰጋል?

እውነት ነው፣ የሚከፍለው ባንኩ ነው። ተራ ቼክ የሚከፈለው ከጻፈው ሰው ሂሳብ ስለሆነ ሂሳቡ ባዶ ከሆነ ደረቅ ቼክ ሆኖ ይመለሳል። ሲፒኦ ሲሠራ ግን ባንኩ ገንዘቡን ከደንበኛው ሂሳብ አስቀድሞ ይቀንስና የክፍያ ትዕዛዙን በራሱ ስም ይጽፋል። ስለዚህ እውነተኛ ሲፒኦ "ስንቅ የለውም" ተብሎ አይመለስም።

አጭበርባሪ የሚጠቀመውም በዚህ እምነት ነው። የሚያጋጥመው ማታለል በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው ከነጭራሹ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ባንክ የሰጠው እውነተኛ ሲፒኦ ሆኖ የገንዘቡ መጠን ወይም የተከፋዩ ስም ተፍቆ የተቀየረበት ነው፤ የ40,000 ብር ሲፒኦ 1,740,000 ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ሰውየው በእርስዎ ስም እውነተኛ ሲፒኦ ያሠራል፣ እሱን ቤቱ ያስቀምጥና አስመስሎ ያሠራውን ቅጂ ለእርስዎ ይሰጣል። ዕቃውን ከጫነ በኋላ ዋናውን ይዞ ባንክ ይሄድና "ግዢው ቀርቷል" ብሎ አሰርዞ ገንዘቡን ወደ ሂሳቡ ያስመልሳል። ሲፒኦ ማሰረዝ በራሱ የተለመደ ነገር ነው። በጨረታ የተሸነፈ ሁሉ ማስከበሪያውን የሚያስመልሰው እንዲህ ነው። ስለዚህ ባንክ ቤት ማንም አይጠረጥረውም።

ሦስቱን ለይቶ መያዝ ይጠቅማል። አንዱን የሚያጋልጠው ምርመራ ሌላውን ያሳልፋልና።

ወረቀቱን አይቼ መለየት እችላለሁ?

መጥፎውን ብዙ ጊዜ ይለዩታል። ጥሩ መሆኑን ግን በዓይን ማረጋገጥ አይችሉም። የደኅንነት ምልክቶቹ ከባንክ ባንክ ስለሚለያዩ፣ ከዚያው ባንክ የወጣ ሌላ ሲፒኦ አጠገቡ አድርጎ ማየት ትልቅ እገዛ ነው። ጨረታ የሚወዳደር ጓደኛ ካለዎት እጁ ላይ አይጠፋም።

መጀመሪያ ወደ ብርሃን ያንሱት። የውኃ ምልክት ያለው ወረቀት ከሆነ ምልክቱ የሚታየው ብርሃን ሲያልፍበት ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተኝቶም በግራጫ ቀለም የሚታይ "የውኃ ምልክት" የታተመ ሥዕል ነው።

ቀጥሎ የብር መፈተሻዋን ሐምራዊ መብራት ያብሩበት። ለእኔ ከሁሉ ቀላሉና ጥሩው የመደብር ምርመራ ይህ ነው። ለቼክና ለሲፒኦ የሚሠራው የጥበቃ ወረቀት እንዲነጣ የሚደረግበት ኬሚካል ስለሌለው በመብራቱ ሥር ደብዝዞ ይቀራል፤ የሚያበሩት በውስጡ የተበተኑ ቀጫጭን ክሮች ወይም የባንኩ ድብቅ ኅትመት ብቻ ናቸው። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ ወረቀት ግን ከዳር እስከ ዳር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ሆኖ ቦግ ይላል። እንዲህ ካበራ ሐሰተኛ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ከዚያ የስልክዎን ካሜራ አቅርበው የብሩ መጠንና የተከፋዩ ስም ያረፉበትን ቦታ ይዩ። ከጽሑፉ በስተጀርባ ያለው ስስ ጌጥ በዚያ ቦታ ብቻ ከደበዘዘ፣ ወረቀቱ ከሻከረ፣ ወይም አንዱ አኃዝ ከጎኑ ካለው በመጠንም በቀለምም ከተለየ ተፍቋል ማለት ነው። በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው መጠን አንድ መሆኑንም ያንብቡ። ፊርማ መስጫው ላይ ያለው መስመር ሲጎላ በጣም ደቃቅ ፊደላት ሆኖ ከተገኘ ጥሩ ምልክት ነው። በኮፒ ሲባዙ እነዚያ ፊደላት ተጨፍልቀው የተቆራረጠ መስመር ይሆናሉ።

ከታች በልዩ ቅርጽ የተደረደሩት ቁጥሮች በማግኔት ቀለም የሚታተሙ ናቸው፤ ማግኔቱን የሚያነበው የባንኩ ማሽን ነው። እርስዎ የሚችሉት ከላይ ካለው የሲፒኦ ቁጥር ጋር መስማማታቸውን ማየት ነው። ማህተሙና ፊርማዎቹ ላይ ጊዜዎን አያጥፉ። ማህተም ማስቀረጽ ቀላል ነው፤ የፈራሚዎቹ የፊርማ ናሙና ያለው ደግሞ ባንኩ ዘንድ እንጂ እርስዎ ጋ አይደለም።

ያወጣው ቅርንጫፍ ጋ ደውዬ "አዎ፣ የኛ ነው" አሉኝ። ልጫንለት?

አይጫኑ። የዚህ ገጽ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

በስልክ የሚረጋገጠው ቁጥሩ ነው። ቅርንጫፉ ሲስተሙ ላይ ያያል፤ በዚህ ቁጥር፣ ለዚህ ስም፣ በዚህ መጠን ሲፒኦ ወጥቷል። እርስዎ እጅ ያለውን ወረቀት ግን አላየውም። ከላይ ሦስተኛ ያልኩት ማታለል የሚያልፈው በዚህች ክፍተት ነው። ቅጂው ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ቁጥሩም፣ ስሙም፣ መጠኑም። ባንኩ አልዋሸም፣ እርስዎም አልተሳሳቱም፣ ወረቀቱ ግን ዋጋ የለውም።

ስልክ የሚጠቅመው ለመጣል ነው። "እንዲህ ያለ ቁጥር የለንም"፣ "መጠኑ ሌላ ነው"፣ "ተሰርዟል"፣ "ተከፍሏል" ካሉዎት ነገሩ እዚያው አለቀ። "ትክክል ነው" ካሉዎት ወደ ባንክ ለመሄድ ምክንያት አገኙ ማለት ነው። ወረቀቱ ባንኩ እጅ ገብቶ፣ ገንዘቡ በእርስዎ ሂሳብ ላይ እስኪያርፍ ዕቃው ከግቢ አይወጣም።

እሺ፣ ስልኩን እንዴት ልደውል?

ወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ወይም ገዢው ወደሰጠዎት "የማናጀሩ ቁጥር" አይደውሉ። ከመስመሩ ማዶ የሚያነሳው የራሱ ሰው ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ከባንኩ ድረ ገጽ ወይም ከጥሪ ማዕከሉ ይውሰዱ፤ ለምሳሌ የንግድ ባንክ አጭር ቁጥር 951 ነው። ከዚህም የሚሻለው እርስዎ ሂሳብ ያለዎት ቅርንጫፍ ሄዶ ሠራተኞቹ እንዲደውሉልዎት መጠየቅ ነው። ባንክ ለማያውቀው ደዋይ የደንበኛን ጉዳይ አይናገርም፤ ለባንክ ባልደረባ ግን ይመልሳል።

ሲጠየቅ የሲፒኦውን ቁጥር ብቻ አስቀድሙ። መጠኑን፣ ቀኑንና የተከፋዩን ስም እነሱ ያንብቡላችሁ። "የ1,740,000 ብር ሲፒኦ አውጥታችኋል ወይ?" ተብሎ ከተጠየቀ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ "አዎ" ሊል ይችላል። ቀጥሎ እስካሁን አለመከፈሉን፣ አለመሰረዙንና አለመታገዱን ይጠይቁ። የመለሰውን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጻፉ።

እስቲ አንድ ሽያጭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየኝ።

ገላን ላይ የፌሮ መጋዘን ያላት አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ደላላ አንድ ገዢ ይዞላት ይመጣል። የሚፈልገው 1,200 ቤርጋ ባለ 12 ፌሮ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ቤርጋ 1,450 ብር ከሆነ ጠቅላላው 1,740,000 ብር ይመጣል። ገዢው በዋጋው ብዙም አልተከራከረም። ሲፒኦውን ከኪሱ አወጣ። በስሟ የተሠራ ነው፣ ያወጣው ቅርንጫፍ መርካቶ ነው፣ ቀኑ የዛሬ ነው። "ሲኖው ከተማ የሚገባበት ሰዓት ያልፍበታል፣ እየተጫነ እናውራ" ይላል።

ባለመጋዘኗ በቅድሚያ ስሟን አነበበች። ፊደል በፊደል መታወቂያዋ ላይና ባንክ ሂሳቧ ላይ ካለው ጋር መስማማት አለበት። የአያቷ ስም ቢቀር ወይም ንግድ ፈቃዷ ላይ ያለው የድርጅት ስም ቢጻፍ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ግን አይገባላትም። ከዚያ መብራቱን አበራችበት። ደብዘዝ አለ፣ ክሮቹ አበሩ። የመጠኑ ቦታ አልተፋቀም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ሲፒኦውን ያወጣውን ባንክ ቅርንጫፍ በአቅራቢያዋ ፈለገች። መርካቶ ድረስ መሄድ አያስፈልጋትም። ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን በአንድ ሲስተም ስላገናኙ ቃሊቲ ያለው ቅርንጫፍም የመርካቶውን ሲፒኦ አይቶ ማስተናገድ ይችላል። ቃሊቲው የፈራሚዎቹን ፊርማ ማመሳከር ከፈለገ መርካቶ የሚደውለው እሱ ነው።

"ቃሊቲ አብረን እንሂድ፤ እዚያ ሂሳብ አለኝ፣ አስገብተን እንመለሳለን" አለችው። እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የሚታወቀው። እውነተኛ ገዢ ያጉረመርማል እንጂ ይሄዳል። አስመስሎ ያሠራውን የያዘ ሰው ግን ስልክ ይደወልለታል፣ ሌላ መጋዘን ይፈልጋል፣ ወይም "እኔን ነው የምትጠረጥሪው?" ብሎ ይቆጣል።

ሄዱ እንበል። መስኮቱ ላይ ሲፒኦውን የሰጠችው እሷ ናት፣ የገቢ ቅጹንም የሞላችው እሷ ናት። ገንዘብ ተቀባዩ በማህተም መትቶ የሰጣት ደረሰኝ ወረቀቱ መቀበሉን ብቻ ያሳያል፤ ስለዚህ "ሂሳቤ ላይ ገብቷል? አሁን ማንቀሳቀስ እችላለሁ?" ብላ ጠየቀች። አዎ ሲላት የራሷን የባንክ መተግበሪያ ከፍታ ቀሪ ሂሳቧን አየች። ከዚያ ለመጋዘን ጠባቂዋ ደወለች። እስከዚያ ድረስ ፌሮው አልተጫነም። የተጫነ ሲኖትራክ ማስወረድ ጭቅጭቅ ነውና ይህን ከመጀመሪያው ለጠባቂው መናገር ያስፈልጋል።

ሲፒኦው የወጣው እኔ ሂሳብ ከሌለኝ ባንክ ነው።

ወደ ራስዎ ባንክ ካስገቡት በብሔራዊ ባንክ በኩል በሚደረገው የባንኮች ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ይህ የሥራ ቀን ይፈጃል። በመሃል ሂሳብዎ ላይ ቁጥሩ ታይቶ ገንዘቡ ገና ተይዞ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ከተመለሰ የታየው ቁጥር ተመልሶ ይወጣል፤ ዕቃው ግን አይመለስም። "ተጣርቷል" እስኪሉዎት መጠበቅ ግድ ነው።

አዘውትረው የሚሸጡ ከሆነ ገዢዎችዎ በሚበዙባቸው ሁለት ሦስት ባንኮች ሂሳብ መክፈት ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። ከዚያም የሚሻል መንገድ አለ። ገዢው ገንዘቡ ካለው ሲፒኦ ለምን ያሠራል? ከባንኩ በቀጥታ ወደ እርስዎ ሂሳብ ማስተላለፍ ይችላል። በባንኮች መካከል ለትልቅ ገንዘብ የሚያገለግለው አርቲጂኤስ በሥራ ሰዓት ከተላከ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ይደርሳል፤ የሚፈተሽ ወረቀትም የለውም። ዋጋ ሲስማሙ ገና "ሲፒኦ ሳይሆን ትራንስፈር" ብለው ይንገሩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ ቢመጣስ?

የሚመጣውም ያኔ ነው። ቅርንጫፉ ተዘግቷል፣ ስልክ የሚያነሳ የለም፣ ሰኞ እስኪደርስ ፌሮው የት እንደገባ አይታወቅም። መልሱ አጭር ነው፤ ሰኞ ጠዋት ይጫናል። ገዢው ዕቃው እንዳይሸጥበት ከሰጋ ትንሽ ቀብድ በሞባይል ያስገባና ይያዝለት።

ገዢው ከዋጋው በላይ ሲፒኦ አምጥቶ "ልዩነቱን በጥሬ ይስጡኝ" ቢል?

አይስጡ። 1,740,000 ለሚያወጣ ዕቃ የ1,900,000 ሲፒኦ ይዞ መምጣት ወረቀቱ ሐሰተኛ ከሆነ 160,000 ብር ተጨማሪ ዝርፊያ ነው። እውነተኛ ስህተት ከሆነም ሲፒኦውን ባወጣው ባንክ አሰርዞ በትክክለኛው መጠን ማሠራት ይችላል።

ሲፒኦው በሌላ ሰው ወይም በመሥሪያ ቤት ስም ቢሆንስ? "ጀርባው ላይ ፈርሜ ላስተላልፍልህ" አለኝ።

በእርስዎ ስም ያልተሠራ ሲፒኦ ለእርስዎ አይሆንም። የጨረታ ማስከበሪያ የነበረ ወረቀት ይዞ የሚዞር አለ። እውነተኛ ሆኖ እንኳ የሚከፈለው ስሙ ለተጻፈው መሥሪያ ቤት ነው።

"ገንዘቡ ገብቷል" የሚል የባንክ መልእክት ስልኬ ላይ ደረሰኝ። አይበቃም?

ሐሰተኛ መልእክት መላክ ሲፒኦ አስመስሎ ከመሥራት ይቀላል። የላኪው ስም የባንኩን ይመስላል፣ አጻጻፉም ያው ነው። መልእክቱን ትተው መተግበሪያውን ራስዎ ከፍተው፣ ወይም ቅርንጫፍ ሄደው ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ። ገዢው በራሱ ስልክ የሚያሳይዎትን ስክሪንሹት ደግሞ እንደሌለ ይቁጠሩት።

ከውጭ አገር ባንክ የተላከ ድራፍት ከሆነስ?

እዚህ ምርመራዎ አይሠራም። አዲስ አበባ ያለ ቅርንጫፍ የውጭውን ባንክ ድራፍት በሲስተሙ አያየውም። ድራፍቱን ባንክዎ ተቀብሎ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ወደ አውጪው ባንክ ይልከዋል፤ መልሱም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ባንኩ ቀድሞ ቢከፍልዎት እንኳ ወረቀቱ ከተመለሰ ከእርስዎ ላይ መልሶ ይወስዳል። ዕቃ ለማስረከብ ድራፍት አይቀበሉ፤ ገዢው በስዊፍት በቀጥታ ወደ ሂሳብዎ ይላክ።

ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ምን ላድርግ?

መጋዘን ውስጥ ከነቁበት ሰውየውን አይጋፈጡ፤ ብቻውን ላይመጣ ይችላል። ወረቀቱን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ ያንሱ። "ባንክ እስኪያረጋግጥልኝ" ብለው ጭነቱን ያቁሙና የመኪናውን ታርጋ፣ የሹፌሩን ስልክና የደላላውን ማንነት ይያዙ። ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ለአንድ ቀን ሥራ የተከራየ ነው፤ ስለ ማጭበርበሩ የሚያውቀው ነገር ላይኖር ይችላል፤ ግን ማን እንደቀጠረውና ዕቃው ወዴት ሊራገፍ እንደነበር ያውቃል።

ባንክ መስኮት ላይ ከተገኘ ደግሞ ባንኩ ወረቀቱን ሊይዘው ይችላል። ያኔ ወረቀቱ ከእርስዎ መወሰዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ። ያንን ከፎቶውና ከሽያጭ ውሉ ጋር ይዘው በአቅራቢያዎ ላለው ፖሊስ ያመልክቱ። መጋዘንዎ ሸገር ከተማ ውስጥ ሆኖ ባንኩ አዲስ አበባ ከሆነ የትኛው ፖሊስ ይመለከተዋል የሚል ምልልስ ሊገጥምዎት ይችላል። ከመሄድዎ በፊት ወረቀቱን የት እንደተቀበሉና ዕቃው ከየት እንደተጫነ በአንድ ገጽ ከነሰዓቱ ጽፈው ይያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።